የአመልካች መከታተያው ቀለም ሲያሳስት፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የግማሽ ዓመት ሪፖርት የሚጠናቀረው ጎንደር ለጥምቀት እንግዶቿ ሽር ጉድ በምትልበት ሰሞን ነው። ሁሉም ይጣደፋል። ብዙ ሰው የኤክሴል መከታተያ ሰንጠረዡን ከፍቶ አረንጓዴ ካየ ቁጥሩን ሳይመረምር ያልፋል። እኔም አልፌ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ ቀለሙን ከማመኔ በፊት ሦስት ነገሮችን አያለሁ።

ለምሳሌ ያህል በደምቢያ፣ በወገራና በጎንደር ዙሪያ ወረዳዎች የሚሠራ የውኃ ፕሮጀክት እንውሰድ። ሩብ ዓመቱ በመንግሥት በጀት ዓመት ይቆጠራል፤ የመጀመሪያው ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። ዘጠና በመቶና ከዚያ በላይ አረንጓዴ፣ ከሰባ እስከ ዘጠና ቢጫ፣ ከሰባ በታች ቀይ ይሁን።

ምልክት፦ ገና በግማሽ ዓመቱ ክንውኑ መቶ በመቶ ሊሞላ ነው

የደምቢያ አመልካች «አገልግሎት የሚሰጡ የውኃ ተቋማት ብዛት» ነው፤ የዓመቱ ዕቅድ 40። በመጀመሪያው ሩብ ዓመት 18፣ በሁለተኛው 21 ሪፖርት ተደረገ። ሰንጠረዡ ደምሮ 39 አለ። 98 በመቶ፣ አረንጓዴ።

ግን 21ዱ ውስጥ የቀድሞዎቹ 18 አሉበት። ወረዳው የላከው በሩብ ዓመቱ መጨረሻ የሚሠሩትን በሙሉ ቆጥሮ እንጂ አዲሶቹን ብቻ አይደለም። በእጃችን ያለው 21 ብቻ ነው። የሠለጠኑ ሰዎች ወይም የተቆፈሩ ጉድጓዶች ግን በየሩብ ዓመቱ አዲስ ስለሆኑ ይደመራሉ። ሁለቱን ዓይነት በአንድ ፎርሙላ ማስኬድ ነው ስህተቱ።

መፍትሄው ለዓይነቱ አንድ ዓምድ መጨመር ነው። በዲ ዓምድ «ድምር» ወይም «ወቅታዊ» ብለህ ጻፍ። የአራቱ ሩብ ዓመታት ዕቅድ ከኢ እስከ ኤች፣ ክንውኑ ከአይ እስከ ኤል ይሁን። B1 ላይ አሁን ያለንበትን ሩብ ዓመት በቁጥር አስገባ። ክንውኑን የሚያወጣው M5 እንዲህ ይሆናል፦

```
=IF(INDEX(I5:L5,$B$1)="","",IF(D5="ድምር",SUM(I5:INDEX(I5:L5,$B$1)),INDEX(I5:L5,$B$1)))
```

የትኛው አመልካች የትኛው ዓይነት እንደሆነ ቢሮ ቁጭ ብለህ አትገምት። ቁጥሩን ለሚልከው የወረዳ ባለሙያ ደውልና «ይሄ አዲስ ብቻ ነው ወይስ ያለው በሙሉ?» ብለህ ጠይቀው።

ምልክት፦ ሥራው እየሄደ ሁሉም ቀይ ነው

ወገራ ላይ በዓመት 24 የእጅ ጉድጓድ ታቅዷል። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አምስቱ ተቆፍረዋል። ለዓመቱ ዕቅድ ሲካፈል 21 በመቶ ነው፣ ቀይ።

መንስኤው የግማሽ ዓመት ሥራ በሙሉ ዓመት ዕቅድ መለካቱ ነው። ዕቅዱን ለአራት እኩል መክፈልም አያዋጣም። በክረምት ጉድጓድ አይቆፈርም። አፈሩ ይናዳል፣ የከርሰ ምድር ውኃውም ከፍ ስለሚል በበጋ የሚደርቅ ጉድጓድ ቆፍረህ ልትወጣ ትችላለህ። ስለዚህ ዕቅዱ 0፣ 6፣ 12፣ 6 ተብሎ ይከፈል። እስካሁን የሚጠበቀው 6 ነው፤ 5ቱ ተሠርቷል። 83 በመቶ፣ ቢጫ። አንድ ጉድጓድ ዘግይቷል ማለት ነው፤ ትክክለኛው ወሬ ይሄ ነው። እስካሁን የሚጠበቀውን በ N5፣ መቶኛውን በ O5 አውጣ፦

```
=IF(D5="ድምር",SUM(E5:INDEX(E5:H5,$B$1)),INDEX(E5:H5,$B$1))
=IF(OR(M5="",N5=0),"",M5/N5)
```

የደምቢያው ዕቅድም ለሁለተኛው ሩብ ዓመት 28 ከነበረ 21ዱ 75 በመቶ ይሆናል። ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ወረደ።

ምልክት፦ ሪፖርት ያልላከው ወረዳ አረንጓዴ ነው

ይሄ ከሁሉም ያሳስበኛል፤ ዝምታን ስኬት ያስመስላልና። ጎንደር ዙሪያ ምንም አልላከም፣ መቶኛው ባዶ ነው፣ ቀለሙ ግን አረንጓዴ።

ኤክሴል ሲያወዳድር ጽሑፍን ከማንኛውም ቁጥር ይበልጣል ብሎ ነው የሚወስደው። ፎርሙላው የሚመልሰው "" ደግሞ ለእሱ ጽሑፍ ነው። እንደ ጽሑፍ የገባ «45%»ም እንዲሁ አረንጓዴ ይወጣል። የአረንጓዴውን ደንብ በፎርሙላ እንዲህ ጻፈው፤ የቢጫውንም የቀዩንም በ ISNUMBER ጀምር፦

```
=AND(ISNUMBER($O5),$O5>=0.9)
```

ገደቡ 0.9 እንጂ 90 አይደለም። 90 ብለህ ከጻፍክ አንድም ረድፍ አረንጓዴ አይሆንም። ሌላው፣ ምንም ያልሠራ ወረዳ 0 ብሎ ይላክ፣ ያልላከ ደግሞ ባዶ ይቅር። ያኔ ዜሮው ቀይ፣ ባዶው ነጭ ይሆናል፤ ነጩን ስታይ ስልክ ታነሳለህ።

ሰንጠረዡን ከመላክህ በፊት ቅጂው ላይ ከአንድ አረንጓዴ ረድፍ የዚህን ሩብ ዓመት ቁጥር አጥፋ። ረድፉ ነጭ ካልሆነ ደንቡ ገና አልተስተካከለም።