መግቢያው 8 ሰዓት፦ የቱ 8 ሰዓት?

ላሊበላ ላይ ካለ የእንግዳ ማረፊያ «መግቢያ ከ8 ሰዓት ጀምሮ» ብሎ ብቻ የሚላክ ኢሜይል ከውጭ የሚመጣውን እንግዳ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በር ላይ ያቆመዋል፤ በሱ ስልክ 8:00 ጠዋት ነዋ! ክፍሉ ደግሞ ያኔ የሌላ ሰው ነው። የፈታነው ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን በመጻፍ ነው። ከመድረሻው ሁለት ቀን ቀድሞ የሚላከው አሁን ይኸው፦

> ርዕስ፦ የሐሙስ መግቢያዎ ከቀኑ 8 ሰዓት (14:00)
>
> መግቢያ፦ ከቀኑ 8 ሰዓት (14:00) ጀምሮ።
>
> መኪና፦ ግቢ ውስጥ በነጻ ያቆማሉ። ሚኒባስ በበሩ ስለማያልፍ አስቀድመው ይንገሩን።
>
> ቀድመው ከደረሱ፦ ሻንጣዎን እናስቀምጣለን። የተለቀቀ ክፍል ካለ ከረፋዱ 5 ሰዓት (11:00) ጀምሮ የአንድ ሌሊት ግማሽ ዋጋ ከፍለው ይገባሉ። ከፈለጉ የሚደርሱበትን ሰዓት ይመልሱልን።

ሰዓቱ ርዕሱ ላይ መግባቱ ትልቁ ነገር ነው፤ ኢሜይሉን ሳይከፍት የሚያልፍ እንግዳም ያየዋል። «ካለ» የምትለዋም ቃል አትቅር፤ ያለሷ እንግዳው ክፍሉ እንደተያዘለት ይቆጥራል። በገና ሰሞን ግን ቀድሞ የሚለቀቅ ክፍል ስለማይገኝ የግማሽ ዋጋውን ዓረፍተ ነገር አውጥታችሁ የሻንጣውን ብቻ ተዉት።