የእድር አባላትን ስም በሀ ለ ሐ መ ተራ እንዴት እንደሚደረድሩ

የሰፈራችንን እድር መዝገብ ስረከብ ስሞቹ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ተደርድረው ነበር። ተስፋዬ እና ጥላሁን አንድ ገጽ ላይ ተቀምጠዋል፤ በፊደል ገበታችን ግን ተ እና ጠ በጣም ይራራቃሉ። መዝገቡን ያስተካከልኩት እንዲህ ነው።

መጀመሪያ አቶ፣ ወ/ሮ፣ መምህር የሚሉትን መጠሪያዎች ከስም በኋላ ያዛውሩ። ካልሆነ ግማሹ አባል አ እና ወ ስር ይከማቻል። የሚቀድመውም የአባት ስም ሳይሆን የሰውየው የራሱ ስም ነው።

ቀጥሎ በመጀመሪያው ፊደል ቤት ይለዩ፤ የ"በ" ቤት ስሞች ለብቻ፣ የ"ተ" ለብቻ። በየቤቱ ውስጥ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ይሂዱ፦ በቀለ፣ ቡልቻ፣ ቢኒያም፣ ባህሩ፣ ቤተልሔም፣ ብርሃኑ፣ ቦጋለ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቤቱን ብቻ አይቶ ወደ ሁለተኛው ፊደል ስለሚዘል፣ ብርሃኑን ከቢኒያም ያስቀድማል። ወደ ሁለተኛው ፊደል የሚኬደው የመጀመሪያው ፊደል ፍጹም አንድ ሲሆን ብቻ ነው፦ በላይ፣ በቀለ፣ በዛወርቅ፣ በየነ። በላቲን ቢሆን በቀለ ከበላይ፣ በየነም ከበዛወርቅ ይቀድሙ ነበር። በላይነህ ከበላይ ቀጥሎ ይገባል፤ አጭሩ ይቀድማልና። ገብረ ማርያም ተለያይቶም ተጋጥሞም ስለሚጻፍ ክፍተቱን እንደሌለ ይቁጠሩት።

ዋናው ችግር ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት ናቸው። ሃይሉ ሀ ላይ ሲገባ ኃይሉ ከቸ በኋላ ይሄዳል። እኛ ዘንድ አንድ አባል በሁለት አጻጻፍ ሁለት ቦታ ተመዝግቦ፣ የከፈለው በአንዱ ተጽፎ በሌላው ውዝፍ ተብሎ አገኘሁት። ለመዝገበ ቃላት የፊደሉ ልዩነት ትርጉም አለው፤ ሰው ስሙን እንደለመደው በሚጽፍበት መዝገብ ግን አንድ ላይ ማሰባሰቡ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ለዚህም ከስሙ አጠገብ "መደርደሪያ" የሚል ሁለተኛ ዓምድ ይክፈቱ። እዚያ ሐን እና ኀን በሀ፣ ሠን በሰ፣ ዐን በአ፣ ፀን በጸ ቤት ይተኩ፤ ካዕቡን በካዕብ፣ ሳድሱን በሳድስ። ሃ፣ ሓ እና ኃ ሀ ይሆናሉ፤ ዓ እና ኣ ደግሞ አ። ስለዚህ ኃይሉ "ሀይሉ"፣ ዓለሙ "አለሙ"፣ ሠናይት "ሰናይት"፣ ፀሐይ "ጸሀይ" ተብለው ይጻፋሉ። ዋናው ዓምድ ላይ ያለውን አይንኩ፤ ባለስሙ የጻፈው እንዳለ ይቆይ።

አሁን በመደርደሪያው ዓምድ ይደርድሩ። ኮምፒውተር ላይ ፊደሎቻችን በዩኒኮድ የተቀመጡት በሀ ለ ሐ መ ተራ ስለሆነ ዝርዝሩን በኮድ ቁጥር የሚደረድር ፕሮግራም ሥራውን ያቀልልዎታል። ቢሆንም ቢኒያም ከብርሃኑ፣ ገብሬም ከጥላሁን መቅደማቸውን ዓይተው ያረጋግጡ። መደርደሪያቸው አንድ ሆኖ የተከታተሉትን በአባት ስም ይለዩ፤ የአባትም የአያትም ስም ከገጠመ፣ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ሰው እንዳይሆን ስልካቸውን ያመሳክሩ።