ሽንት ሲያቃጥል ትኩሳትንና የጎን ሕመምን ልብ ይበሉ

የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ኢ. ኮላይ በተባለ ባክቴሪያ ሲሆን፣ ይህ ባክቴሪያ በአንጀት ውስጥ ያለ ጉዳት የሚኖር ቢሆንም በፊንጢጣ አካባቢ ካለው ቆዳ ወደ ሽንት መውጫው ሲደርስ ሕመም ያስከትላል። ሴቶችን ይበልጥ የሚያጠቃው፣ ሽንትን ከፊኛ የሚያወጣው ቱቦ በእነርሱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በወንዶች ግን 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚረዝምና የሴቶች ሽንት መውጫ ለፊንጢጣ ቅርብ ስለሆነ ነው። የግብረ ሥጋ ግንኙነትም ባክቴሪያውን ወደ ውስጥ ሊገፋው ስለሚችል፣ ሕመሙን የንጽሕና ጉድለት አድርጎ ማፈር ተገቢ አይደለም።

አንዲት ሴት ሰኞ ዕለት ሽንቷ ቢያቃጥላት፣ ቶሎ ቶሎ ቢያስቸኩላትና ሲወጣ ግን ጥቂት ጠብታ ብቻ ቢሆን፣ ከእምብርቷ በታችም ቢከብዳት፣ ትኩሳት ግን ባይኖራት፣ ኢንፌክሽኑ ፊኛ ላይ የተወሰነ ይመስላል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት መድኃኒት ይድናል። ረቡዕ ሌሊት ግን ብርድ ብርድ ብሏት ብትንቀጠቀጥ፣ ሙቀቷ ከ38 ዲግሪ ቢያልፍ፣ በአንድ ወገን ከጎድን አጥንቷ በታች ከጀርባዋ በኩል ቢያማትና ቢያስመልሳት፣ ባክቴሪያው ወደ ኩላሊት ሳይወጣ አልቀረም። የሽንት ማቃጠሉ ቢቀንስላት እንኳ በዚህ መዘናጋት የለባትም። የኩላሊት ኢንፌክሽን ወደ ደም ሊዛመት ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ፣ ሽንት ማስመርመርና የታዘዘውን መድኃኒት መጨረስ ያስፈልጋል። የምታስመልስ ሴት የሚዋጥ መድኃኒት ስለማይረጋላት በመርፌ መጀመር ሊኖርባት ይችላል፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ገና ማቃጠሉ ሲጀምራት ትመርመር።