ረጅም የእጅ ጽሑፍ ምስክርነትን ያልተባለ ሳይጨምሩ እንዴት ማሳጠር ይቻላል?

አንድ የቤተሰብ ሰው በደርግ ዘመን ያዩትን በደብተር ጽፈዋል እንበል። ሰማንያ ገጽ ይሆናል። ሌላ ሰው በኮምፒውተር ገልብጦታል፤ እርስዎ ደግሞ ወደ ሁለት ገጽ ሊያሳጥሩት ነው። እዚህ ሥራ ላይ ሰውን ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ዕውቀቱ ነው። ዘመኑን የሚያውቅ ሰው ጸሐፊው የተዉትን ክፍተት ሳይታወቀው ይሞላዋል።

ይህን ለማሳየት አንድ አንቀጽ ፈጥሬያለሁ፦

«በጥር 70 ሌሊት ወንድሜን ከቤት ወሰዱት። የቀበሌ ሰዎች ናቸው ብላ ጎረቤታችን ነገረችን። እናቴ በየጠዋቱ ስንቅ ታደርስ ነበር። አንድ ቀን ስንቁ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ [አይነበብም] አላየነውም።»

ብዙ ሰው እንዲህ ያሳጥረዋል፦ «በ1970 በቀይ ሽብር የቀበሌ ካድሬዎች ወንድሟን ገደሉት።» ሲያነቡት ልክ ይመስላል። ግን «ቀይ ሽብር» አልተባለም። «ካድሬ» አልተባለም። ከሁሉም በላይ «ገደሉት» አልተባለም። በዚያ ዘመን የስንቅ መመለስ ምን ማለት እንደነበር የሚያውቅ አንባቢ ልቡ ወዲያው ወደ ሞት ይሄዳል። ጸሐፊው ግን እዚያ ድረስ አልሄዱም። ምናልባት አያውቁም፣ ምናልባት መጻፍ አልፈለጉም። ያ የእሳቸው ውሳኔ ነው።

ታዲያ እንዴት ይሠራል? መጀመሪያ የግልባጩን ገጽና መስመር ቁጥር ይስጡት። ከዚያ እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ ያንብቡት፤ ምንም አይጻፉ። ገጽ 10 ላይ ግልጽ ያልሆነው ነገር ገጽ 60 ላይ ሊብራራ፣ አንዳንዴም ሊፈርስ ይችላል።

ሁለተኛውን ንባብ እስክሪብቶ ይዘው ያድርጉት። ከእያንዳንዱ ነጥብ ጎን የመስመሩን ቁጥርና ከሦስት ቃላት አንዱን ይጻፉ፦ አየሁ፣ ሰማሁ፣ መሰለኝ። ከላይ ባለው አንቀጽ ወንድም መወሰዱ የጸሐፊው ቃል ነው። የቀበሌ ሰዎች መሆናቸው ግን የጎረቤት ቃል ነው፤ ስለዚህ «ሰማሁ» ይባላል። ሲያሳጥሩ መጀመሪያ የሚወድቁት እንዲህ ያሉት «ነገረችን»፣ «አሉ»፣ «ይመስለኛል» የሚሉት ቃላት ናቸው። እነሱ ሲወድቁ ወሬው እውነት ሆኖ ቁጭ ይላል።

አጠራጣሪ ቦታ ሲገጥም ወደ ደብተሩ ፎቶ ይመለሱ። ፎቶውም የማይፈታው ነገር አለ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «አጎቴ ያኔ ይመታ ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር «መ» ከላላ አጎት መቺ ነው፣ ከጠበቀ ተመቺ ነው። ዙሪያው ያለው ጽሑፍ ካልለየው በጥቅስ ምልክት እንዳለ ያስገቡት።

ቀን ላይም ቀስ ይበሉ። ጥር 1970 በፈረንጆቹ 1978 ነው፤ ኅዳር 1970 ግን 1977 ነው። ወሩ ካልተጻፈ ወደ አንድ የፈረንጅ ዓመት መቀየር ግምት ነው። ሁለት ገጾች የተለያየ ቀን ከሰጡም ሁለቱንም ያስፍሩ፤ ዳኛ አይሁኑ።

አሁን ይጻፉ። «ወንድሜ» ከሚለው ጸሐፊው ወንድ ይሁኑ ሴት አይታወቅም። «ወንድሟ» ካሉ ግን ወስነውላቸዋል። ጾታው ከሌላ ቦታ ካልታወቀ አንቱታ ያወጣዎታል፦

«እንደ ጻፉት፣ በጥር 70 ሌሊት ወንድማቸው ከቤት ተወሰደ። የወሰዱት የቀበሌ ሰዎች መሆናቸውን የነገረቻቸው ጎረቤት ናት። እናታቸው በየጠዋቱ ስንቅ ያደርሱ ነበር፤ አንድ ቀን ስንቁ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ‹አላየነውም› ይላሉ፤ በዚህ ዓረፍተ ነገር መሃል የማይነበብ ቦታ አለ።»

ይህ አላጠረም ትሉ ይሆናል። ልክ ነው። እንዲህ ያለው አንቀጽ የምስክርነቱ እምብርት ስለሆነ ብዙም መጭመቅ የለበትም። ቦታ የሚቆጠበው ከሌላ ነው፦ ከተደጋገመ ታሪክ፣ ከረጅም የመንገድ ገለጻ፣ ከዘመድ ዝርዝር። የዘለሉትን ክፍል ግን «ከገጽ 22 እስከ 31 ስለ ልጅነታቸው ይተርካሉ» ብለው በአንድ መስመር ያመልክቱ።

በመጨረሻ ፍተሻው ከኋላ ወደ ፊት ይሁን። ከማጠቃለያዎ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ይጀምሩና ለእያንዳንዱ የመስመር ቁጥር ይፈልጉ። ቁጥር ያላገኘ ዓረፍተ ነገር ይውጣ። ቁጥር ያገኘውንም ግሡን ያስተያዩ፤ «ወሰዱት» የነበረው «አፈኑት» ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ። የሚያያይዙ ቃላትንም ይጠርጥሩ። «ስለዚህ» እና «በዚህም ምክንያት» ብዙ ጊዜ የአሳጣሪው ናቸው፤ ጸሐፊው አንዱን ነገር ከሌላው ቀጥለው ጻፉ እንጂ አንዱ ሌላውን አመጣ አላሉም።

ስለ ስንቁ መመለስ የሚያውቁትን ለአንባቢ መንገር ከፈለጉ ከማጠቃለያው ውጭ «የአሳጣሪው ማስታወሻ» ብለው በስምዎ ይጻፉት።