የክትባት ሽፋን ጥናት ንድፍን ለለጋሽ የሚያስረዳ ሜሞ እንዴት ይጻፋል?

የዞኑ ሪፖርት የፔንታ ክትባት ሦስተኛ ዶዝ የሆነውን ፔንታ ሦስትን የወሰዱ ሕፃናት 104 በመቶ ናቸው ይላል። ለጋሹ ደግሞ «ታዲያ ጥናቱ ለምን አስፈለገ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልስ መስጠት ያለበት ጥናቱን የሚመራው የጤና መኮንን ሲሆን መልሱም ከሁለት ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። ሠላሳ ገጹን ፕሮቶኮል አባሪ አድርጉት፤ ገንዘቡን የሚፈቅደው ሰው የሚያነበው ሜሞውን ነው።

እዚህ የማሳያችሁ አንድ ባለ 12 ወረዳ ዞን ለምሳሌ ወስጄ ነው። ቁጥሮቹን በራሳችሁ ቁጥር ተኩ፤ አካሄዱ ያው ነው።

መጀመሪያ 104ቱን አስረዱ

ሜሞውን በ«መግቢያ» አትጀምሩ። በ104 በመቶው ጀምሩ። ከመቶ በላይ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ማንም ዋሽቶ አይደለም። የተከተቡት ልጆች ከጤና ኬላና ከጤና ጣቢያ መዝገብ ይቆጠራሉ። የሚካፈሉበት ቁጥር ግን ከ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ተነስቶ የተገመተ ነው። ግምቱ ከእውነተኛው ካነሰ ሽፋኑ ያብጣል። ከጎረቤት ወረዳ መጥታ ልጇን ያስከተበች እናትም ቁጥሩን ከፍ ታደርገዋለች። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ፔንታ ሦስትን የወሰዱት 53 በመቶ ነበሩ። ሪፖርትና ቤት ለቤት ጥናት ሊራራቁ እንደሚችሉ ለማሳየት ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

ቀጥሎ ጥናቱ የትኞቹን ልጆች እንደሚለካ ጻፉ

የሚጠኑት ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወር የሆኑ ልጆች ናቸው። በዚህ ዕድሜ ልጁ የመጀመሪያ ዓመት ክትባቶቹን ጨርሶ መሆን አለበት። ብዙ ሜሞዎች እዚህ ያቆማሉ። ለጋሹ የግድ ማወቅ ያለበት ነገር ግን ገና አልተነገረውም።

መስክ የሚወጣው ጥር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው እንበል። የሚጠኑት ልጆች ከጥር 2 ቀን 2016 እስከ ጥር 1 ቀን 2017 የተወለዱት ናቸው። ፔንታ ሦስት የሚሰጠው በ14 ሳምንት ነው። ስለዚህ እነዚህ ልጆች በጊዜው ተከትበው ከሆነ የተከተቡት ከሚያዝያ 2016 እስከ ሚያዝያ 2017 ባለው ጊዜ ነው። የለጋሹ ገንዘብ መፍሰስ የጀመረው በግንቦት 2017 ከሆነ ይህ ጥናት የገንዘቡን ውጤት አያሳይም። የሚያሳየው መነሻውን ነው። ይህን ዛሬ በሜሞው ካልጻፋችሁት ውጤቱ ሲመጣ «ገንዘባችን ምን ሠራ?» የሚል ስብሰባ ላይ ትቀመጣላችሁ።

ናሙናውን በሦስት ምርጫ አቅርቡ

ለለጋሽ «378 ልጆች ያስፈልጉናል» ብቻ ማለት አይበቃም። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ካላየ በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀንሰው እሱን ነው። ስሌቱ ይህ ነው፦

```
n = 1.96² × p × (1 − p) ÷ d²
n = 3.84 × 0.60 × 0.40 ÷ 0.07² ≈ 189
189 × 2 = 378
```

`p` የምንገምተው ሽፋን ነው፤ እዚህ 60 በመቶ። `d` ደግሞ የምንታገሰው የስህተት ወሰን ነው፤ እዚህ ወደ ላይም ወደ ታችም 7 ነጥብ። በ2 ያባዛነው ልጆቹን የምናገኘው በየመንደሩ በቡድን ስለሆነ ነው። በየመንደሩ 7 ልጅ ከወሰድን 54 መንደር እንሄዳለን ማለት ነው። በጥናቱ ቋንቋ እነዚህ መንደሮች ክላስተር ይባላሉ።

አሁን ሁለቱን ጎኖች አሳዩት። ወሰኑ 10 ነጥብ ቢሆን 27 ክላስተር ይበቃል። 5 ነጥብ ይሁን ካለ ግን 106 ክላስተር ይሆናል። ከ10 ወደ 5 ሲወርድ ወሰኑ በግማሽ ጠበበ፤ መኪናው፣ ነዳጁና አበሉ ግን ወደ አራት እጥፍ ወጣ። ሦስቱንም ከነዋጋቸው ጎን ለጎን አስቀምጡና እናንተ የምትመክሩትን ንገሩት። እኔ ለአንድ ዞን 7ቱን እመርጣለሁ። ሽፋኑ 60 ይሁን 75 ለመለየት ይበቃልና።

አንድ ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። «ለምን 10 መንደር ብቻ ሄዳችሁ በየመንደሩ 38 ልጅ አትጠይቁም? ያው 380 ይሞላል፤ ትራንስፖርቱም ይረክሳል።» መልሱን ቀድማችሁ በሜሞው ጻፉት። የአንድ መንደር ልጆች የሚከተቡት በአንድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ በአንድ ማቀዝቀዣ፣ በአንድ የዘመቻ ቀን ነው። ማቀዝቀዣው ከተበላሸ ሁሉም አብረው ያመልጣቸዋል። ስለዚህ ሠላሳ ስምንተኛው ልጅ የመጀመሪያው ያልነገረንን ብዙም አይነግረንም። መጠኑን የምናሰላው እንዲህ ነው፦

```
DEFF = 1 + (m − 1) × ICC
m = 7,  ICC = 1/6  →  DEFF = 2
m = 38, ICC = 1/6  →  DEFF ≈ 7.2
```

`DEFF` ልጆቹ በቡድን ስለሚወሰዱ ናሙናው በስንት መባዛት እንዳለበት ይናገራል፤ ቀደም ሲል ያባዛንበት 2 ይህ ነው። `m` በአንድ ክላስተር የሚጠየቁ ልጆች ብዛት ነው። `ICC` ደግሞ የአንድ መንደር ልጆች ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ ይናገራል። 380ውን ለ7.2 ስታካፍሉ 53 ይመጣል። 380 ልጅ ጠይቀን የ53 ልጅ ያህል መረጃ ይዘን እንመለሳለን ማለት ነው። ወሰኑም ወደ 13 ነጥብ ይሰፋል። ይህን አሳይቼው የተከራከረኝ ለጋሽ የለም።

ልጁ እንዴት እንደሚመረጥ በግልጽ አስቀምጡ

ድሮ የነበረውን አሠራር የሚያውቅ ለጋሽ ያጋጥማችኋል። መረጃ ሰብሳቢው መንደሩ መሀል ቆሞ እስክሪብቶ ወይም ጠርሙስ ያሽከረክራል። ጫፉ ወዳመለከተበት ሄዶ አንድ ቤት ይመርጣል። ከዚያ በር በር እያለ ሰባት ልጅ እስኪሞላ ይቀጥላል። ፈጣን ነው። ግን መንገድ ዳር ያሉና ለጤና ኬላው የቀረቡ ቤቶች ይበዙበታል። ከወንዙ ማዶ ያለችው እናት አትገኝበትም፤ ያልተከተበው ልጅ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ይህን ትቶ እያንዳንዱ ልጅ የታወቀ የመመረጥ ዕድል እንዲኖረው ይጠይቃል።

እኛ ዘንድ ሲተገበር እንዲህ ነው። ከስታቲስቲክስ አገልግሎት የቆጠራ ቦታዎች ዝርዝር ይወሰዳል። 54ቱ በዕጣ ይወጣሉ፤ ብዙ ሕዝብ ያለበት የቆጠራ ቦታ የመውጣት ዕድሉ በዚያው ልክ ከፍ ይላል። ቡድኑ ቦታው ሲደርስ ሁሉንም ቤት ይመዘግባል። አንድ የቆጠራ ቦታ በአብዛኛው ከ150 እስከ 200 ቤት አለው። በዚህ ዕድሜ ያለ አንድ ልጅ የሚገኘው በግምት በየሰባት ቤቱ ነው። ስለዚህ ከ25 ያህል ልጆች ውስጥ 8 በዕጣ ይመረጣሉ። ስምንተኛዋ ለሚጎድል ማካካሻ ናት። የታጣ ቤት ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ይጎበኛል። በጎረቤት ግን አይተካም። ቀን ቤት የማትገኘው እናት ጤና ጣቢያም ለመሄድ ጊዜ ያጠራት ልትሆን ትችላለች፤ በተገኘችው ከተካናት ሽፋኑን ሳናውቅ ከፍ አደረግነው። በጸጥታ ምክንያት የማይደረስ ቀበሌ ካለም ከዕጣው በፊት ተለይቶ በሜሞው ይጻፍ። ውጤቱ «በሚደረስባቸው ቀበሌዎች» ተብሎ ይነገራል።

የቤት ምዝገባው በክላስተር አንድ ቀን ይወስዳል። በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ቀን ነው። አስረግጣችሁ ተሟገቱለት።

ካርዱና ቀኑ

እናቲቱ ሳጥኑን ከፍታ፣ ከልብስ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ካርድ ታወጣለች። ጥጉ ቡና ጠጥቶ፣ ቀለሙ ደብዝዞ ሊሆን ይችላል። መረጃ ሰብሳቢው ቀኖቹን ይገለብጣል፤ ካርዱንም ፎቶ ያነሳል። ካርድ ከሌለ እናትየውን ይጠይቃል፤ ከዚያም በጤና ኬላው መዝገብ የልጁን ስም ይፈልጋል። ሜሞው ሦስቱ ምንጮች ለየብቻ እንደሚቀርቡ ይናገር። ከተቆጠረው ሽፋን አብዛኛው በእናት ትውስታ ከሆነ ለጋሹ ያንን የማወቅ መብት አለው።

ብዙ ጥናት ሳይታወቀው የሚበላሸው በቀን መቁጠሪያ ነው። አንድ ካርድ ላይ ፔንታ አንድ 25/2/2016፣ ፔንታ ሁለት 23/3/2016 ተብሎ ተጽፏል። ጥቅምት 25 እና ኅዳር 23 ነው። መሀሉ 28 ቀን፤ አራት ሳምንት ሞልቷልና ዶዙ ትክክለኛ ነው። ታብሌቱ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር የተሞላ ከሆነ ፌብሯሪ 25 እና ማርች 23 ብሎ ያነበዋል። መሀሉ 27 ቀን ይሆንና በደንብ የተከተበችው ልጅ «ያለ ጊዜዋ የተከተበች» ትባላለች። ካርዱ 30/2 ቢል ደግሞ ታብሌቱ ጭራሹን አይቀበልም፤ የደከመው መረጃ ሰብሳቢ 29 ብሎ ያልፋል። ስለዚህ በሜሞው እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «ቀኖች ካርዱ ላይ እንዳሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይገባሉ፤ የሚቀየሩት በትንተና ጊዜ ነው፤ ሱፐርቫይዘሩ በየቀኑ የካርዶቹን ፎቶ ከገባው መረጃ ጋር ያመሳክራል።»

ጥናቱ የማይመልሰውን ጻፉ

አንድ ጊዜ ይህን ክፍል ዘልዬ ሜሞ ልኬ ነበር። መስክ ተጠናቆ ቡድኑ ከተበተነ በኋላ ከለጋሹ ደብዳቤ መጣ። ወረዳዎቹን በደረጃ አስቀምጡልን ይላል። የዞኑን 378 ልጆች ለ12 ወረዳ ስታካፍሉ ለአንዱ 31 ያህል ይደርሰዋል። በዚያ ላይ የስህተት ወሰኑ ወደ 24 ነጥብ ነው። 60 በመቶ የመጣለት ወረዳ እውነተኛ ሽፋኑ 36ም ሊሆን ይችላል፣ 84ም። በዚህ ቁጥር አንዱን ወረዳ መሸለምና ሌላውን መገሠጽ በሠራተኞቹ ላይ ግፍ ነው። አልሰጠሁም። ሥራውን ግን ለሁለት ወር አጓተተው፤ ጥፋቱም ሜሞውን የጻፍኩት የእኔ ነበር።

አሁን የሜሞዬ የመጨረሻ አንቀጽ ይህ ነው፦ «ከመስክ ሥራው በፊት በሁለት ነጥቦች ላይ የጽሑፍ መልስዎን እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የስህተት ወሰኑ 7 ነጥብ (54 ክላስተር) ወይስ 5 ነጥብ (106 ክላስተር) ይሁን? ሁለተኛ፣ ውጤቱ በዞን ደረጃ ብቻ እንደሚወጣና የወረዳ ደረጃ እንደማይሰጥ መስማማትዎን ያረጋግጡልን። መልሱ ሳይደርሰን የመረጃ ሰብሳቢዎች ሥልጠና አይጀመርም።»