ሽንኩርት ሲከተፍ ዓይንን የሚያቃጥለው ምንድን ነው? ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ባለፈው ጥር አክስቴ በደብረ ማርቆስ ልጃቸውን ሲድሩ፣ ከቆጋ መስኖ የመጣ 50 ኪሎ ያህል ቀይ ሽንኩርት ለዶሮ ወጡ ተብሎ ከዋዜማው ጀምሮ ይከተፍ ነበር። ስምንት ሴቶች በጠባቡ ማድ ቤት ተቀምጠው፣ ብርዱ እንዳይገባ በሩን ዘግተው፣ የመጀመሪያውን ጆንያ ገና ሳያጋምሱ የሁሉም ዓይን ቀልቶ ነበር። አክስቴ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ልጄ፣ የዘንድሮው ሽንኩርት ክፉ ነው፤ ያለ ኀዘን ያስለቅሰናል» አሉኝ። ኬሚስትሪ የማስተምር ሰው ነኝና፣ በዚያ ማድ ቤት ያየኋቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላስረዳ።

የመጀመሪያው ስህተት፣ የሚያስለቅሰው ነገር ሽንኩርቱ ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል ብሎ ማሰብ ነው። ያልተከተፈ ሽንኩርት ጆንያ ሙሉ ቢሆን አጠገቡ አድሮ ማንም አያለቅስም። ሽንኩርት ከአፈር የሚስበውን ሰልፈር በአንድ የአሚኖ አሲድ ዝርያ መልክ በሕዋሱ ውስጥ ያከማቻል፤ ይህ ውህድ አይሶአሊን ይባላል፤ አይተንም፣ ዓይንንም አይነካም። አሊኔዝ የተባለው ኢንዛይም ደግሞ በዚያው ሕዋስ ውስጥ ለብቻው በተከለለ ከረጢት ተቀምጧል። ቢላው ሕዋሱን ሲሰነጥቅ ግድግዳው ይፈርስና ሁለቱ ይገናኛሉ፤ አሊኔዝ አይሶአሊንን ሰብሮ ሰልፌኒክ አሲድ የሚባል ዕድሜው እጅግ አጭር የሆነ ውህድ ያወጣል። ከዚያም ሁለተኛ ኢንዛይም ይህን አሲድ ተቀብሎ አቶሞቹን በሌላ መልክ ያደራጅና ፕሮፓንቲያል ኤስ-ኦክሳይድ ወደሚባል ጋዝ ይለውጠዋል። የሚያስለቅሰው ይህ ጋዝ ነው፤ መጠኑም ሽንኩርቱ ከተቆረጠ በግማሽ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ይደርሳል።

ይህ ሁለተኛ ኢንዛይም መኖሩ ለረጅም ጊዜ አልታወቀም ነበር፤ ለተመራማሪዎች ጋዙ ከሰልፌኒክ አሲዱ በራሱ ጊዜ የሚፈጠር ይመስላቸው ነበር። ሀውስ ፉድስ በተባለው የጃፓን የምግብ ኩባንያ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ኢንዛይሙን ለይተው በ2002 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው መጽሔት አሳተሙ። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዚሁ ሥራቸው መጀመሪያ አስቆ ኋላ የሚያሳስብ ምርምር የሚሸለምበትን ኢግ ኖቤል ተሸለሙ። ነጭ ሽንኩርት አሊኔዝ እያለው፣ ሽታውም ከቀዩ እየበረታ፣ ሲፈጭ እንደ ቀዩ የማያስለቅሰው ይህ ሁለተኛ ኢንዛይም ስለሌለውና በብዛት የያዘውም ውህድ አይሶአሊን ሳይሆን አሊን የሚባል ዘመዱ ስለሆነ ነው። በነጩ ውስጥ ከአሊን የሚወጣው ሰልፌኒክ አሲድ እርስ በርሱ ተጣምሮ ለነጭ ሽንኩርት ጠረኑን የሚሰጠውን አሊሲን ይሠራል።

ከዚህ የሚከተለው ሁለተኛው ስህተት በደነዘ ቢላ መክተፍ ነው። በዕለቱ የነበሩት ቢላዎች አብዛኞቹ ሞረድ ካያቸው ሰንብተዋል፤ አንደኛዋ ሴት ሽንኩርቱን ትቆርጠው ሳይሆን ትጨፈልቀው ነበር፤ ከመክተፊያው ላይም ነጭ ጭማቂ ይፈስ ነበር። ስል ቢላ በሚያልፍበት መስመር ላይ ያሉትን ሕዋሳት ብቻ ሰንጥቆ ያልፋል፤ የደነዘው ግን በግራና በቀኙ ያሉትንም ያደቅቃል፤ በፈረሱት ልክም ጋዙ ይበዛል። ቢላው መሳል እንዳለበት ማወቂያው ቀላል ነው፤ የተከተፈው ሽንኩርት ጠርዙ ጥርት ብሎ ሳይሆን ረጥቦና ተላልጦ ከታየ፣ ቢላው እየጨፈለቀ ነው።

ሦስተኛው ዓይንን በእጅ ወይም ሽንኩርት በነካ ጨርቅ መጥረግ ነው። ይህን ጠበቅ አድርጌ የምናገረው ሁሉም ስለሚያደርገው ነው። ጋዙ ብሌን ፊት ለፊት ያለውን ግልጽ ሽፋን ሲደርስ በላዩ ያሉት የነርቭ ጫፎች ለአንጎል መልእክት ይልካሉ፤ አንጎልም የእንባ ዕጢ አጥቦ እንዲያወጣው ያዛል። እንባው ማጠቢያ ነውና እንዲፈስ መተው ይሻላል። ጭማቂ የነካው ጣት ግን በአየር ከሚመጣው ጥቂት ጋዝ ይልቅ ብዙ የሚያቃጥል ነገር ወደ ዓይን ይዞ ይገባል፤ አክስቴ በነጠላቸው በጠረጉ ቁጥር ዓይናቸው ይበልጥ የቀላው ለዚህ ነበር። ማቃጠሉ ከበረታ ወጥቶ አየር ማግኘትና ዓይንን በንጹሕ ውኃ ማጠብ ይበቃል።

አራተኛው ያልተከተፈ ሽንኩርት ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው። ሕዋሱ ገና አልፈረሰምና ውኃው የሚያጥበው ጋዝ የለም፤ ጥቅም ካለው ስለሚያቀዘቅዘው ብቻ ነው። ትርጉም ያለው ውኃ ሽንኩርቱ ለሁለት ከተሰነጠቀ በኋላ የሚያልፍበት ውኃ ነው፤ የወጣውን ጭማቂ ይወስደዋልና፣ ጋዙም በውኃ ስለሚሟሟ። ማቀዝቀዝ ራሱ ግን መልካም ዘዴ ነው። ኢንዛይሞች በብርድ ይዘገያሉ፣ ጋዙም በቀዝቃዛ ላይ እንደ ልብ አይተንም። ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ግማሽ ሰዓት ቢያስቀምጠው፣ የሌለው ደግሞ በደጋው ሌሊት ደጅ አሳድሮ ማለዳ ቢከትፈው ልዩነቱን ያየዋል። በረዶ ማድረግ ግን አይገባም፤ በረዶው ሕዋሱን ስለሚሰብረው ሲቀልጥ ሽንኩርቱ ይልማል፣ የተባለው ኬሚካዊ ሥራም በዚያው ይጀመራል። እንዳያስለቅስ ተብሎ ክብሪት እንጨት በጥርስ መያዝ ግን የሚረዳ አይመስለኝም፤ ጋዙ በአፍ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ዓይን ነው የሚሄደው።

አምስተኛው፣ በዚያ ሌሊት ከሁሉ የከፋው፣ የተዘጋው በር ነበር። ስምንት ሴቶች የሚከትፉት ሽንኩርት የሚለቀው ጋዝ መውጫ አጥቶ በማድ ቤቱ ውስጥ ሲከማች፣ እያንዳንዷ የራሷን ብቻ ሳይሆን የሌሎቹንም ጋዝ ትቀበል ነበር። «አክስቴ፣ በሩን ይክፈቱት፤ ብርዱን በጋቢ እንችለዋለን» ብያቸው፣ ከብዙ ክርክር በኋላ መክተፊያዎቹ ዳሱ ውስጥ ወጡ። ሴቶቹ ነፋሱ ከጀርባቸው እንዲመጣ ሆነው ተቀመጡ፤ ቢላዎቹም በሞረድ ተሳሉ። ከዚያ በኋላ ሁለተኛው ጆንያ እስኪያልቅ ድረስ የሚያለቅሰው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱም ሁሉም ሰው የከተፈውን ወደ ትልቁ ድስት እያመጣ በሚገለብጥበት ቦታ የቆመው የአክስቴ ልጅ ነው። በጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ የተከመረ ክትፍ ሽንኩርት ጋዙን ለጥቂት ጊዜ ያቆየዋል፤ ፊትን ከላዩ ማጎንበስም ይህንኑ ጋዝ በቀጥታ መቀበል ነው።

የቀረው ስድስተኛው በመፍጫ ማሽን የሚፈጩትን ይመለከታል። ማሽኑ በአንድ ጊዜ ብዛት ያለው ሕዋስ ስለሚያደቅቅ ክዳኑ ሥር ብዙ ጋዝ ይታፈናል፤ ብዙ ሰው ደግሞ ክዳኑን ከፍቶ «ደቀቀ ወይስ አልደቀቀም?» ሲል አፍጥጦ ያያል። ፊትን አርቆ መክፈት፣ ከተቻለም ደጅ ላይ ማድረግና ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። በደረቅ ድስት ሲቁላላም የመጀመሪያው እንፋሎት ዓይን ስለሚይዝ፣ ክዳኑ ሲከፈት ከፊት ራቅ ተደርጎ ይከፈት፤ ሙቀቱ ከበረታ በኋላ ኢንዛይሞቹ ስለሚጠፉ፣ ድስቱ ላይ ጎንበስ ብሎ ማማሰል ይቻላል።