ጨረታ ላይ የነጠላ ዋጋ ስትሞሉ

500 የተማሪ ወንበር ሱሉልታ አድርሱ ተብላችኋል እንበል። ሂሳቡ የሚጀምረው ከመርካቶው ዋጋ ሳይሆን ወንበሩ ትምህርት ቤቱ ግቢ ወርዶ ርክክብ ከሚፈጸምበት ነው።

ያለ ቫት ግዢው 1,850 ብር፣ ጭነትና ማውረጃ 60፣ ለሚሰበር 19 ብር ያዙ። ብዙዎችን የሚያከስረው ክፍያ የሚጠበቅበት ጊዜ ነው። ለ90 ቀን በዓመት 20 በመቶ ወለድ ከተበደራችሁ፣ ለነጋዴው የከፈላችሁት ቫትም አብሮ ስለሚታሰር፣ በአንድ ወንበር 108 ብር ገደማ ይወጣል። ድምሩ 2,037 ብር፤ ከዚህ በታች መውረድ ኪሳራ ነው።

ከሽያጩ 8 በመቶ ትርፍ ከፈለጋችሁ በ1.08 አታባዙ፣ ለ0.92 አካፍሉ፦ 2,214 ብር። ብታባዙ 2,200 ይመጣና በ500 ወንበር 7,000 ብር ያህል ይቀርባችኋል። ቫት 15 በመቶ የሚጨመረው መጨረሻ ላይ ነው፤ ፎርሙ ቫትን ጨምሮ ይላል ወይስ ሳይጨምር፣ ደግማችሁ አንብቡ።

ዋጋ መቀነስ ካለባችሁ ከትርፉ በፊት ነጋዴውን ተከራከሩ። ፕሮፎርማውም ጨረታው ጸንቶ እስከሚቆይበት ቀን ድረስ የሚያገለግል መሆኑን በጽሑፍ አስፈርሙት።